ጥቅሉ ድንበር ሲሻገር፦ የቀሪ ዳታ፣ የሮሚንግና የሆትስፖት ቆጣሪዎች ግንኙነት

ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለቡ አካባቢ ተነስታ ለአምስት ቀን ጉባኤ ወደ በርሊን የምትጓዝ አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ እናስብ። ሰኞ የሚጀመረው ጉባኤ ዓርብ ይጠናቀቃል። ተማሪዋ በቅድመ ክፍያ መስመሯ ላይ የገዛችው የ30 ቀን የ10 ጊጋባይት ጥቅል አላት፤ ከዚህም ውስጥ 6 ጊጋባይት ሳይነካ ቀርቷል። ከጉዞዋ ሁለት ቀን ቀደም ብላ፣ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ለሰባት ቀን የሚያገለግል 1 ጊጋባይት የሮሚንግ ጥቅል ገዝታለች። በዋና ሂሳቧ ውስጥ ደግሞ 200 ብር አለ። እነዚህ አኃዞች ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የማንኛውም ድርጅት ታሪፍ አይደሉም። ጥያቄው አንድ ነው፦ ተማሪዋ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ጠዋት ቦሌ ስትደርስ ከዚህ ሁሉ ምን ይተርፋታል?

ብዙ ተጓዦች «ዳታ አለኝ» ሲሉ በስልካቸው ውስጥ የተቀመጠ አንድ ዕቃ ያለ ይመስላቸዋል። በእርግጥ ያለው ግን በአገልግሎት ሰጪው የሂሳብ ሥርዓት ውስጥ የተመዘገበ የቆጣሪዎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ቆጣሪ ሦስት ነገሮች አሉት፦ መጠን፣ የማብቂያ ጊዜና የአገልግሎት ወሰን። የተማሪዋ የአገር ውስጥ ጥቅል አንድ ቆጣሪ ነው፤ የሮሚንግ ጥቅሉ ሌላ ነው፤ ዋናው ሂሳብም በብር የሚለካ ሦስተኛ ቆጣሪ ነው። ስልኩ ኢንተርኔት በጠየቀ ቁጥር ሥርዓቱ ከእነዚህ መካከል «የትኛው ይፈቀዳል? ከተፈቀዱትስ የትኛው ይቅደም?» ብሎ ይመርጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ምርጫ የሚመነጭ ነው።

ምርጫው የሚከናወነው እንዲህ ነው። በሮሚንግ ላይ ያለ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ በአስተናጋጁ አገር ሬዲዮ ይገናኛል፤ የዳታው መውጫ በር ግን በእናት አገሩ ኔትወርክ ውስጥ ይቆያል። በርሊን የተከፈተ ድረ ገጽ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው። ገጹ የሚገኘው እዚያው ጀርመን ውስጥ ቢሆን እንኳ ጥያቄው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን ይመለሳል፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይዞራል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት ከ5,000 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ በፋይበር ውስጥ የብርሃን ፍጥነት ብቻ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ መዘግየት ያስከትላል። አካባቢን በአይ.ፒ. አድራሻ የሚገምቱ ገጾች በርሊን የተቀመጠችውን ተማሪ «ኢትዮጵያ ውስጥ ነሽ» የሚሏትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የሮሚንግ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ ሁልጊዜ የደካማ ሲግናል አይደለም።

የመውጫው በር የሂሳብ ሥርዓቱን ፈቃድ ሲጠይቅ ስልኩ ያለበትን ኔትወርክ መለያ ቁጥር አብሮ ይልካል። የኢትዮጵያ የአገር ኮድ `636` ሲሆን የጀርመን `262` ነው። የተማሪዋ የ6 ጊጋባይት ቆጣሪ ወሰን በ`636` ላይ የተዘጋ ስለሆነ `262` ሲመጣ ለምርጫ እንኳ አይቀርብም። ቀሪ ዳታው አልጠፋም፤ ግን አይታይም። ይህ የአገልግሎት ሰጪው ስስት ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ አስተናጋጁ የጀርመን ኔትወርክ ለእያንዳንዱ ሜጋባይት የእናት ኔትወርኩን በጅምላ ዋጋ ስለሚያስከፍል፣ በአገር ውስጥ ዋጋ የተሸጠ ዳታ ይህን ወጪ አይሸፍንም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2017 ጀምሮ በአባል አገሮቹ መካከል ተጨማሪ የሮሚንግ ክፍያን ማስቀረቱ ይታወቃል፤ ደንቡም እስከ 2032 ተራዝሟል። ይሁን እንጂ ደንቡ የሚመለከተው በኅብረቱ አገሮች የተሸጠ ሲም ካርድን እንጂ ከአዲስ አበባ የመጣውን አይደለም። «አውሮፓ ውስጥ ሮሚንግ ነፃ ነው» የሚለው ምክር ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ውድ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። የሮሚንግ ጥቅል ዕድሜ በሁለት መንገድ ሊጀምር ይችላል፦ በተገዛበት ቅጽበት ወይም ውጭ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ሲውል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የተማሪዋ ጥቅል ከግዢ ሰዓት የሚቆጠር ከሆነ በሚቀጥለው ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ያበቃል። ሰዓቱ የሚነበበው በእናት አገር አቆጣጠር ስለሆነ፣ በአውሮፓ ክረምት ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ወደኋላ በምትገኘው በርሊን ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ጽሑፏን የምታቀርበው ዓርብ ከሆነ፣ በዚያ ቀን የሮሚንግ ጥቅል የላትም። ለቡ ተቀምጣ ያሳለፈቻቸውን ሁለት ቀናት ከፍላባቸዋለች። በግዢ ጊዜ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋው ሳይሆን ይህ ነው።

በዚህ ምሳሌ ግን ጥቅሉ እስከ ሐሙስ እንኳ አልቆየም። ማክሰኞ ምሽት የሆቴሉ ዋይፋይ ሲቋረጥ ተማሪዋ የስልኳን ሆትስፖት ከፍታ ላፕቶፗን አገናኘች። ላፕቶፑ የሚያየው ተራ ዋይፋይ ነው፤ ከበስተጀርባው ጠባብ የሮሚንግ ቆጣሪ መኖሩን አያውቅም። የስርዓተ ክወና ማሻሻያ፣ የፎቶ ማመሳሰያ፣ የሰነድ መጠባበቂያ ሁሉም «ዋይፋይ ተገኘ» ብለው ይነሣሉ። 800 ሜጋባይት በአንድ ምሽት መሄዱ የተለመደ እንጂ ልዩ አጋጣሚ አይደለም። መድኃኒቱ ስልኩ ላይ ሳይሆን ላፕቶፑ ላይ ነው፤ በዊንዶውስ በዚያ ዋይፋይ ቅንብር ውስጥ `Metered connection` የሚለውን ማብራት አብዛኛውን የማሻሻያ ማውረድ ያቆማል። ይህ ግን ከግንኙነቱ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ፣ እቤት ሳሉ በራስ ሆትስፖት ላይ ተሞክሮ መቀመጥ አለበት።

የሆትስፖት ገደብ የራሱ ስልት አለው። አንዳንድ ጥቅሎች ኢንተርኔት ማጋራትን ጨርሶ ይከለክላሉ፤ አንዳንዶች ከጠቅላላው ዳታ ውስጥ የተወሰነውን ብቻ ይፈቅዱለታል፤ ሌሎችም ፍጥነቱን ይቀንሳሉ። ኔትወርኩ ማጋራቱን በምን ያውቃል? አንደኛው መንገድ ለማጋሪያ የተለየ የመዳረሻ በር መመደብ ነው፤ በአንድሮይድ ስልኮች የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ `dun` የሚል ዓይነት የሚታየው ለዚህ ነው። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የተጻፈውን የ`TTL` ቁጥር ማየት ነው። ከስልኩ በቀጥታ የሚነሣ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ 64 ይዞ ይወጣል። የዊንዶውስ ላፕቶፕ 128 ይዞ ይነሣል፤ ስልኩን ሲያልፍ አንድ ስለሚቀነስበት ኔትወርኩ ጋር 127 ሆኖ ይደርሳል። ሌላ ስልክ ቢሆን ደግሞ 63 ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ከጀርባ ሌላ መሣሪያ እንዳለ ይመሰክራሉ።

ተጠቃሚው ገደቡን ከብልሽት የሚለየው በማነጻጸር ነው። በስልኩ ላይ ገጾች በደህና እየተከፈቱ፣ ላፕቶፑም ከስልኩ ጋር ያለው የዋይፋይ ግንኙነት ጠንካራ ሆኖ ሳለ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ኢንተርኔት ከሌለ ወይም እጅግ ከዘገመ፣ የጥቅሉን የማጋራት ገደብ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሆትስፖቱ ጨርሶ አልበራም ካለ ግን አስቀድሞ የራስን ስልክ መፈተሽ ይሻላል፤ በአንድሮይድ `Data Saver` በርቶ ከሆነ ሆትስፖት አይሠራም። በዚህ ምክንያት ብቻ አገልግሎት ሰጪን የሚወቅሱ ጥቂት አይደሉም።

የማክሰኞው ምሽት መዘዝ በዚህ አያበቃም። 1 ጊጋባይቱ ሲያልቅ ሥርዓቱ ቀጣዩን የተፈቀደ ቆጣሪ ይፈልጋል። 6 ጊጋባይቱ በ`636` ተዘግቷል፤ የቀረው ዋናው ሂሳብ ነው። ከጥቅል ውጭ ያለው የሮሚንግ ዋጋ ለአንድ ሜጋባይት 10 ብር ነው ብንል፣ 200 ብር 20 ሜጋባይት ይገዛል። ይህም የጥቂት ፎቶዎች መጠን ነው። ማስጠንቀቂያ መልእክት ቢመጣ እንኳ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ ሥርዓቱ ዳታን የሚፈቅደው በትንንሽ ድርሻ እየከፈለ ሲሆን፣ ድርሻው ተጠቅሞበት እስኪያልቅ ድረስ የሚታየው ቀሪ ሂሳብ የቀድሞው ሊሆን ይችላል። በ`*804#` ሂሳብን ማየትም የሚጠቅመው ዳታው ከተዘጋ ጥቂት ቆይቶ ነው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን የደረሰው አገር ቤት ባለው ጥቅል ላይ ነው። ቀሪ ዳታ በራሱ አይሸጋገርም። የተለመደው ደንብ ጥቅሉ ከማብቃቱ በፊት ተመሳሳይ ጥቅል ከተገዛ ወይም ከታደሰ ቀሪው ወደ አዲሱ ይጨመራል የሚል ነው፤ አንዲት ደቂቃ ካለፈ በኋላ የሚፈጸም ግዢ አዲስ ጥቅል ይከፍታል እንጂ የሞተውን አያስነሣም። የተማሪዋ የ30 ቀን ጥቅል የሚያበቃው በመመለሻዋ ቅዳሜ ሌሊት 6 ሰዓት ነው እንበል። በበርሊን ሰዓት ይህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ እርሷ አየር ማረፊያ ናት ወይም በረራ ላይ። የራስ-ሰር እድሳት ከፍታ ነበር፤ እድሳቱ የሚከፈለው ግን ከዋና ሂሳብ ነው፤ ዋናው ሂሳብ ደግሞ ማክሰኞ ምሽት በፎቶዎች አልቋል። እሑድ ጠዋት ቦሌ ስትደርስ 6ቱ ጊጋባይት የሉም። ጀርመን ውስጥ ሊነካ የማይችለው ቆጣሪ ጀርመን ውስጥ በተደረገ ነገር ጠፋ።

ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በዋናው ሂሳብ ላይ ነው። ከጉዞው በፊት በጥቅል ካልሆነ በቀር የሮሚንግ ዳታ ከዋና ሂሳብ እንዳይቆርጥ ማዘጋት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ፣ ካልተቻለም ሂሳቡን በዝቅተኛ መጠን ይዞ መሄድና እድሳቱን ከመመለሻው ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በሆቴል ዋይፋይ በቴሌብር መፈጸም ይቻላል። ቤተሰብ ከለቡ ሆኖ ለቁጥሯ ጥቅል ቢገዛላት ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ በስጦታ የተላከ ጥቅል በአንዳንድ ደንቦች እንደ እድሳት ሳይሆን እንደ ተለየ ቆጣሪ ስለሚመዘገብ ቀሪውን ላያሸጋግር ይችላል። ሁለት ሲም ወይም ኢሲም የሚቀበል ስልክ ያለው ሰው ደግሞ ለዳታ የጀርመን መስመር ይዞ፣ የአገር ቤቱን ሲም ዳታውን አጥፍቶ የባንክ ማረጋገጫ መልእክት ለመቀበል ብቻ ሊያቆየው ይችላል። ያን ጊዜም የሚገዛው የጉዞ ኢሲም ሆትስፖት ይፈቅድ እንደሆነ ከግዢ በፊት መነበብ አለበት።

ድንበር ሳይሻገሩም ሮሚንግ ውስጥ መግባት እንዳለ ጨምሮ መጥቀስ ይገባል። ሞያሌን በመሰሉ የድንበር ከተሞች የጎረቤት አገር ሲግናል ሲበረታ፣ ኔትወርክን በራሱ እንዲመርጥ የተተወ ስልክ ወደዚያ ሊዞር ይችላል። የሂሳብ ሥርዓቱ የሚያየው ባለቤቱ የቆመበትን መሬት ሳይሆን የኔትወርኩን ኮድ ነው፤ `639` ከመጣ ኬንያ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ኔትወርክን በእጅ መምረጥ ወይም የዳታ ሮሚንግን ማጥፋት ይበቃል።