ጦር ኃይሎች በየትኛው «ሀ» ይጻፋል?

ከሜክሲኮ ወደ ምዕራብ የሚወጣ ታክሲ ረዳት «ጦር ኃይሎች፣ አየር ጤና፣ ዓለም ባንክ!» ብሎ ሲጣራ መንገዱን የሚስት ተሳፋሪ የለም። ጣጣው የሚጀምረው ጥሪው ወደ ጽሑፍ ሲቀየር ነው። አንዱ ታፔላ «ጦር ኃይሎች» ይላል፣ ቀጣዩ «ጦር ሀይሎች»፣ ሌላው «ጦር ሃይሎች»፣ አልፎ አልፎም «ጦር ሐይሎች» የሚል ይገጥማል። ትንሽ ወረድ ብሎ «ዓለም ባንክ» እና «አለም ባንክ» ጎን ለጎን ተሰቅለው ይታያሉ። ጮክ ብለው ቢያነቧቸው ሁሉም አንድ ናቸው። 

ምክንያቱ በድምፅ አንድ የሆኑት ሞክሼ ፊደላት ናቸው፤ አራት ቤተሰቦች አሏቸው፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። ፊደሉ ሲቀረጽ ያለ ምክንያት ተደጋግመው የገቡ አይደሉም። በጥንቱ ግእዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በአክሱም ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች ላይም በየቦታቸው ተለይተው ተቀርጸዋል። በኋላ ድምፆቹ በሰው አፍ ላይ አንድ እየሆኑ ሲሄዱ ቅርጾቹ ብቻ ቀሩ። አማርኛ ፊደሉን የወረሰው ከነሙሉ ገበታው ነው፤ የድምፁን ልዩነት ግን አልወረሰም። ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤት ያለው ሰው ይህን በጆሮው ማረጋገጥ ይችላል። በትግርኛ ሐ ከሀ፣ ዐም ከአ ዛሬም በጉሮሮ ይለያሉ። ጸ እና ፀ ግን እዚያም አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ከሁለቱ ኤርትራ ውስጥ ጸ፣ ትግራይ ውስጥ ደግሞ ፀ ተመርጦ ይጻፋል።

ሌላም ነገር አለ፤ ስለ ሞክሼዎች ሲወራ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በሌሎቹ ፊደላት ግእዙ እና ራብዑ በድምፅ ይለያያሉ፤ «ለ» እና «ላ» አይምታቱም። በነዚህ የጉሮሮ ፊደላት ግን ሀ እና ሃ፣ ሐ እና ሓ፣ ኀ እና ኃ፣ አ እና ኣ፣ ዐ እና ዓ አንድ ዓይነት ይነበባሉ። ስለዚህ ለአንዷ «ሃ» ድምፅ ስድስት ቅርጽ አለ፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ይህ አልፎ አልፎ እንደነሱ የሚነበበውን ኻን ሳንቆጥር ነው። «ጦር ኃይሎች»ን በስድስት መንገድ መጻፍ የሚቻለውም በዚህ የተነሳ ነው።

ታዲያ ትክክሉ በምን ይታወቃል? የቆሎ ተማሪ ቤት ለዚህ የራሱ ዘዴ ነበረው፤ ፊደሎቹን በስም ይጠራቸዋል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስሞቹ የተመረጡት በውስጣቸው ያ ፊደል ካለባቸው ቃላት ነው። «ንጉሥ» በንጉሡ ሠ፣ «እሳት» በእሳቱ ሰ ይጻፋል ማለት ነው። የኔታ ራሳቸው ግእዙን ሲያነቡ ሁለቱን በድምፅ አይለዩም፤ ትምህርቱ በጆሮ ሳይሆን በዐይን የሚያዝ ነው፤ ተማሪው የቃሉን ሥር ከነፊደሉ ይይዛል። የዘመኑ ትምህርት ቤት ገበታውን እንዳለ ሲወስድ ስሞቹን ተወ። ልጁ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ይሸመድድና ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ሐ ሑ ሒ» ይላል፤ ሁለተኛው ለምን እንዳስፈለገ የሚነግረው አያገኝም። እኔ ትልቁን ጉድለት የማየው እዚህ ላይ ነው።

የጉድለቱ ምልክት ደግሞ ሰው ፊደሉን ባለማወቅ ከሚስተው ይልቅ አውቆ ለማሳመር ሲል በሚስተው ላይ ጎልቶ ይታያል። ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ ይልቅ የከበረ ይመስላልና ለትልልቅ ቃላት ይታደላል፤ «ሠላም» እና «ሠው» የሚመጡት ከዚህ ነው። ሁለቱም በሥራቸው በእሳቱ ሰ የሚጻፉ ናቸው። «ሰላም» በግእዝም «ሰላም» ነው፤ «ሰው» የመጣው ከግእዙ «ሰብእ» ነው። ፀም እንዲሁ ከጸ ይልቅ የሚያምር ስለሚመስል «ፀሎት» ተብሎ በየበሩ ይለጠፋል፤ ጸሎት ግን ለጸ ስሙን የሰጠ ቃል ነው። አንድ ጽሑፍ ውስጥ «ሠላም» እና «ፀሎት» ካየሁ ጸሐፊው ለሥርዓቱ ግድ የሌለው ሳይሆን ጭራሽ ሊያከብረው የፈለገ መሆኑን እገምታለሁ። የሚያከብርበት መንገድ ነው ያልተሰጠው።

ሥሩን መያዝ ለምን እንደሚጠቅም በደንብ የሚታየው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሳይሆን በጥንድ ቃላት ነው። በግእዝ «ዓመት» በዐይኑ ሲሆን ዘመን ነው፤ «አመት» በአልፋው ሲሆን ገረድ፣ አገልጋይ ሴት ማለት ነው። «አመተ ማርያም» የምትባል ሴት የማርያም አገልጋይ ናት፤ «ዓመተ ምሕረት» ደግሞ የምሕረት ዘመን ነው። ፊደሉን ካለዋወጥን ሴትየዋ ዘመን፣ ዘመኑም ገረድ ይሆናሉ። በሌላ ቦታ «አመት» ብለው የሚጽፉ ጋዜጦችና መሥሪያ ቤቶች ጭምር ቀን ሲጽፉ «ዓ.ም.» ማለታቸውን አይተዉም፤ አሕጽሮቱ ልማዱን ጠብቆላቸዋል። እዚያው «ምሕረት» ላይም ሌላ ጥንድ አለ። ምሕረት «መሐረ» ከሚለው፣ ይቅር ካለው፣ በሐመሩ ነው፤ ትምህርት ደግሞ «መሀረ» ከሚለው፣ ካስተማረው፣ በሃሌታው ነው። «ሠረቀ» ወጣ ማለት ነው፣ ፀሐይ እንደሚወጣ፤ ምሥራቅም ከዚያ ይወለዳል። በእሳቱ ሲሆን ግን ሌብነት ነው።

ፊደሉ ይቀነስ የሚሉት ወገኖች ለዚህ ያላቸው መልስ ቀላል አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ «ምስራቅ» ተጽፎ ሲያይ የሌባ ሰፈር አይመስለውም፤ በንግግር ያላደናገረ በጽሑፍም አያደናግርም ይላሉ። አማርኛ ግእዝ አይደለም፤ የልጁ ጆሮ የማይሰማውን ልዩነት ሸምድድ ማለት ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። ክርክሩ በንጉሡም ዘመን ነበረ። በ1960ዎቹ የተቋቋመውና ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋምም በደርግ ዘመን ጉዳዩን አጥንቶ ቅነሳን የሚደግፍ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከሥነ ልሳን ምሁራን መካከልም ከየቤተሰቡ አንድ አንዱን ብቻ ይዘው የሚጽፉ አሉ። ግን ሁሉን የሚያስገድድ ሕግ አልወጣም፤ ልማዱም ሳይወሰን ቀረ።

በሌላው ወገን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት አሉ፤ የመጀመሪያው በ1948፣ ሁለተኛው በ1962 ዓ.ም. የታተሙ ናቸው። ሁለቱም ቃሉን ከሥሩ ጋር አያይዘው ይጽፋሉ። የአለቃ ደስታ መጽሐፍ ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው፤ «ዐዲስ» በዐይኑ ዐ መሆኑን ልብ ይሏል። ቃሉ ከግእዙ «ሐዲስ» የመጣ ነውና ሐ ላልቶ የተተካው በሌላ የጉሮሮ ፊደል ነው። በዚህ መንገድ ከሄድን ዋና ከተማችንም «ዐዲስ አበባ» መባል ነበረባት፤ ዛሬ ግን በማኅተምም በካርታም «አዲስ አበባ» ናት፤ ይህን ስሕተት የሚል አንባቢም የለም። ሥሩን የሚከተሉት ራሳቸውም አንዱ «ኀይል»፣ ሌላው «ኃይል» ይጽፋል። እኔ በሥሩ መጻፍን እመርጣለሁ፣ ይህ ጽሑፍም በተቻለው መጠን እንደዚያ ነው፤ ሆኖም ልማድ አጽድቆ የያዘውን «አዲስ»ን ማንም ወደ ዐይኑ እንዲመልስ አልጠይቅም።

ክርክሩ የምሁራን ብቻ ሆኖ ሊቆይ ይችል ነበር፤ ኮምፒውተር መጣና የባለጉዳይ ችግር አደረገው። የወረዳ መዝገብ ቤት ውስጥ ዓለምፀሐይ የምትባል ሴት ፋይሏ እንዲፈለግላት ጠየቀች እንበል። መጀመሪያዋ «አ» በአራት (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ)፣ «ፀ» በሁለት፣ «ሐ» በስድስት መንገድ ይጻፋሉ፤ ሲባዙ 48 ይሆናሉ። ስሙ በሁለት ቃል ተነጥሎም ስለሚጻፍ 96 ይደርሳል። የድሮው መዝገብ ጠባቂ ገጹን ገልጦ ሁሉንም እንደ አንድ ያነባቸው ነበር። ማሽኑ ግን ለያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ነው የሚያየው፤ በዩኒኮድ ሀ U+1200፣ ሐ U+1210፣ ኀ U+1280 ናቸው። ጸሐፊዋ «አለምጸሀይ» ብላ ብትፈልግና የተመዘገበው «ዓለምፀሐይ» ቢሆን «አልተገኘም» ይላታል። ፋይሉ ያለ ነው፤ ባለጉዳይዋ ግን የለሽም ተብላ ትመለሳለች። የልደት ወረቀቷ በአንዱ፣ የትምህርት ማስረጃዋ በሌላው ፊደል ሲሆንማ አንድ ሰው መሆኗን እንድታስመሰክር የምትጠየቅበት ጊዜ አለ።

መፍትሔው ስሟን መለወጥ ወይም ፊደሉን ከገበታው መሰረዝ አይደለም። ሲመዘገብ እንደ ተጻፈ ይቀመጥ፤ ሲፈለግ ብቻ ማሽኑ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ይቁጠራቸው። አማርኛን ለኮምፒውተር የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ያደርጉታል፤ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሷቸዋል። እዚህ ላይ ግን በቀላሉ የሚፈጸም ስሕተት አለ። ቤተሰቡን ብቻ እያዩ ግእዙን ወደ ግእዝ፣ ራብዑን ወደ ራብዕ ከመለሱት «ዓለም» «ኣለም» ይሆናል፤ ከ«አለም» ጋር አሁንም አይገጥምም። «ኃይል»ም «ሃይል» ሆኖ ከ«ሀይል» ተለይቶ ይቀራል። የዓለምፀሐይ 48 አጻጻፎች በዚህ መንገድ ወደ 4 ብቻ ይወርዳሉ እንጂ አንድ አይሆኑም፤ ከነዚያ መካከል ደግሞ ሰው አብዝቶ የሚያምታታቸው ዓ እና አ ይገኛሉ። ሃን እና ሀን፣ ኣን እና አን በተጨማሪ ያጠፈ ሥርዓት ብቻ ነው ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው። ሥርዓቱን የሚረከብ መሥሪያ ቤት ይህን በሁለት ደቂቃ ሊፈትን ይችላል፦ «ዓለም» ብሎ መዝግቦ «አለም» ብሎ ይፈልግ፤ ከዚያ «ኃይሉ» ብሎ መዝግቦ «ሀይሉ» ብሎ ይፈልግ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ካልተገኘ ዕቃው ገና አልተጠናቀቀምና ይመልሰው።