መብራት ሲሄድ አሥራ ሦስተኛው እሽግ የት ነበር? የሮቦትና የፒኤልሲ ቅንጅት ዳሰሳ

ቀራንዮ ውስጥ እሽግ ውሃ ፓሌት ላይ የሚደረድር ሮቦት ተተክሏል ብለን እናስብ። ኮንቬየሩ እሽጉን ያመጣል፣ ሮቦቱ በግሪፐሩ አንስቶ ይደረድራል። መስመሩን የሚመራው ግን ፒኤልሲ የሚባለው መቆጣጠሪያ ነው። ሁለቱ የሚነጋገሩት ፊልድባስ በሚባል የመረጃ መስመር ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው ፕሮፊኔትና ኢተርኔት/አይፒ ናቸው። በየጥቂት ሚሊሰከንዱ ቢቶችና ቁጥሮች ይመላለሱበታል። መብራት ድንገት በሚሄድበት ከተማ ከባዱ ሥራ ሮቦቱን ማንቀሳቀስ አይደለም፤ ንግግሩ የት ላይ እንደተቋረጠ ማወቅ ነው።

ሮቦቱ እሽጉን ሲያስቀምጥ «አስቀመጥኩ» የሚል ሲግናል ያበራል። ፒኤልሲው ቆጠራው ላይ አንድ ጨምሮ «ተቀበልኩ» ይላል። ሮቦቱ ይህን ሲያይ የራሱን ሲግናል ያጠፋል፣ ፒኤልሲውም ተከትሎ ያጠፋል። አራቱም እርምጃ ሳያልቅ ቀጣዩ እሽግ አይነሳም። ሲግናሉን ለአፍታ ብቻ አብርቶ ማጥፋት የሚበቃ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብልጭታው ከፒኤልሲው የፕሮግራም ዙር ካጠረ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ አንድ እሽግ ከቆጠራው ይጎድላል፣ ምክንያቱም በቀላሉ አይገኝም።

አሁን አሥራ ሦስተኛው እሽግ ተቀምጦ ፒኤልሲው ሳይቆጥረው መብራት ሄደ እንበል። ሲመለስ ቆጠራው 12 ይላል፣ ፓሌቱ ላይ ያለው ግን 13 ነው። ሮቦቱ በዚህ ቁጥር ቢቀጥል የያዘውን እሽግ በተቀመጠው ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ ቆጠራው በሁለቱም በኩል መብራት ሲጠፋ በማይሰረዝ ማህደረ ትውስታ ይያዛል፤ ሮቦቱም ሲግናሉን ከማብራቱ በፊት የራሱን ቁጥር ይጨምራል። ሮቦቱ 13፣ ፒኤልሲው 12 ካሉ ንግግሩ የተቋረጠው እሽጉ ከተቀመጠ በኋላ መሆኑ ይታወቃል። ግን አንድ ክፍተት ይቀራል፤ ግሪፐሩ ለቆ፣ ሮቦቱ ቁጥሩን ገና ሳይጨምር መብራት ከሄደ ሁለቱም 12 ይላሉ። ይህን የሚያጋልጠው ሮቦቱ እሽግ ሲያነሳ የሚመዘግበው «ይዣለሁ» የሚል ምልክት ነው። ምልክቱ በርቶ የግሪፐሩ ሴንሰር ባዶ ካሳየ ማሽኑ ራሱ ግምት መስጠት የለበትም። በስክሪኑ ላይ ኦፕሬተሩን ጠርቶ እሽጎቹን ያስቆጥር።

የፕሮግራም ምርጫም በዚሁ መንገድ መረጋገጥ አለበት። የግማሽ ሊትርና የሁለት ሊትር እሽግ አደራደራቸው ይለያያል። በፋኑክ ሮቦት ፒኤልሲው የፕሮግራሙን ቁጥር፣ 7 ይሁን፣ በ`PNS` ቢቶች ላይ ያስቀምጣል። ቁጥሩ እስኪረጋ ትንሽ ጠብቆ `PNSTROBE`ን ያበራል። ሮቦቱ ያነበበውን በ`SNO` መልሶ `SNACK`ን ለአጭር ጊዜ ያበራል፤ ይህ ብልጭታ ስለሆነ ፒኤልሲው ይዞ ማስቀረት አለበት። የተመለሰው ቁጥር ከተላከው ጋር ካልገጠመ `PROD_START` መላክ የለበትም። ቁጥሩ በ16 ቢት በሚላክባቸው ሴሎች 7 ተልኮ 1792 ከታየ ገመዱን አትጠርጥሩ። ሁለቱ ባይቶች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ 7 በ256 ሲባዛ 1792 ነውና።

የደህንነት ቀጠና ግን ለእንዲህ ያለ ተራ ቢት አይሰጥም። «ሮቦቱ ከፓሌቱ አጠገብ ነው» የሚል ሲግናል ኮንቬየርና ሮቦት እንዳይጋጩ ይጠቅማል፤ ሰው እንዳይጎዳ ግን ዋስትና አይሆንም። ሰውን የሚጠብቀው ድርብ መስመር ያለው የደህንነት ወረዳ፣ ወይም እንደ ፕሮፊሴፍ ያለ ለደህንነት የተሠራ ፕሮቶኮል ነው። በፊልድባስ የሚላከው `IMSTP` ሮቦቱን ቢያቆምም የአደጋ ጊዜ ማቆሚያን አይተካም።

ፓሌቱ በሚወጣበት በር ላይ የጨረር መጋረጃ ይቆማል። ከአደገኛው ቦታ የሚኖረው ርቀት በሰው እርምጃ ፍጥነት ይሰላል። በአይኤስኦ 13855 የ2010 እትም መሠረት፣ ሙሉ ሰውነትን በሚለይ መጋረጃ፣ 1600 ሚሊሜትር በሰከንድ በመቆሚያው ጊዜ ይባዛና 850 ሚሊሜትር ይጨመርበታል። ጨረሩ ከተቋረጠ ጀምሮ ሮቦቱ እስኪቆም ግማሽ ሰከንድ ከፈጀ ርቀቱ 1650 ሚሊሜትር ይሆናል። ጊዜው የሚለካው ሮቦቱ ሙሉ ጭነት ይዞ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ነው። ባዶ ግሪፐር ይዞ የተለካ ጊዜ ለዚህ ስሌት አይሆንም፤ እኔ እንዲህ ያለ ሴል አልረከብም። ሌላው አደገኛ ጊዜ ፓሌቱ እንዲያልፍ መጋረጃው ለአፍታ የሚታገድበት ነው፤ ከፓሌቱ ጋር ተጠግቶ የሚገባ ሰው ላይታይ ይችላል። ስለዚህ እገዳው በሁለት ሴንሰሮች ቅደም ተከተልና በጊዜ ገደብ ይታጠራል።

መብራት ሲመለስ ሴሉ በራሱ አይነሳም። የዳግም ማስጀመሪያው ቁልፍ ከአጥሩ ውጭ፣ ውስጡ በሙሉ በሚታይበት ቦታ ይተከላል፤ ኦፕሬተሩም ውስጥ ሰው አለመኖሩን አይቶ ይጫነዋል። ከዚያ ሮቦቱ በዝግታ ወደ መነሻ ቦታው ይመለሳል፣ የፕሮግራሙ ቁጥር እንደገና ይላካል፣ ሁለቱ ቆጠራዎችም ይተያያሉ።