«ሰለመ ለጀ» ለሚል መልእክት ምን ይመለሳል?

ልጅቷ ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች እንበል። እናቷ ወሎ ውስጥ፣ ትንሽ ከተማ ዳር ይኖራሉ። እስከ ዛሬ የሚገናኙት በድምፅ ብቻ ነበር። አንድ ምሽት ከእናትየው ስልክ በቴሌግራም ሁለት ቃል ይመጣል፦ «ሰለመ ለጀ»።

ይህን የጻፉት እናት ፊደል የማያውቁ አይደሉም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ወይም ከዚያ ወዲህ በጎልማሶች ትምህርት ሀ ሁን የቆጠሩ ብዙ ሰዎች ሰባቱን ሆሄያት በገበታ ላይ ተደርድረው ነው የሚያውቋቸው። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያሉ በጣት እየተከተሉ ይዘልቋቸዋል። ስልኩ ላይ ግን ገበታው የለም። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ላይ የሚታየው የየቤቱ አንድ ፊደል ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ስድስቱ የሚወጡት ጣት ሲቆይበት ወይም ከነካን በኋላ ሌላ ቦታ ስንመርጥ ነው። ስለዚህ «ሰላም ልጄ» ለማለት ሰን፣ ለን፣ መን፣ ከዚያ ለንና ጀን የነካ ሰው «ሰለመ ለጀ» ብሎ ይልካል። መጻፊያው ሳድስን የሚያስቀድም ከሆነ ደግሞ «ስልም ልጅ» ይሆናል። እናትየው ፊደሉን ሳይሆን ፊደሉ የተሸሸገበትን ቦታ ነው ያጡት። ይህን የተረዳች ልጅ መልሷን የምትጀምረው በትክክለኛው ቦታ ነው።

ብዙዎቻችን በደስታ ብዛት የምንመልሰው እንዲህ ነው፦ «ወይኔ እማዬ! መጻፍ ቻልሽ እንዴ? ማን አስተማረሽ? እንደምትጽፊልኝ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር። ግን እኮ ሰላም ነው የሚባለው።» ፍቅር የሞላበት መልስ ነው። ለጀማሪ አንባቢ ግን ግድግዳ ነው። ሦስት ስሜት፣ ሁለት ጥያቄና አንድ እርማት ባንድ ላይ መጥቷል። እናትየው ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ሰጥተው «እስኪ አንብብልኝ» ይላሉ፤ በእናትና በልጅ መካከል የነበረው ወሬ ወዲያው የሦስተኛ ሰው ይሆናል። ራሳቸው ጽፈው የላኩት ግን ያለ አስተርጓሚ ለመነጋገር ፈልገው ነበር።

የሚሻለው መልስ ይህ ነው፦

«ሰላም እማዬ።
እኔ ደህና ነኝ።
አንቺስ?»

«ሰላም» የሚለው ቃል በትክክል ተጽፎ ከእሳቸው «ሰለመ» ሥር ተቀምጧል። ማንም «ተሳስተሻል» አላላቸውም፤ ሁለቱን ግን አንድ ላይ ያዩዋቸዋል። በሚቀጥለው ቀን «ሰላመ ለጄ» ብለው ከላኩ ላ እና ጄ ተገኝተዋል ማለት ነው፤ የቀሩት ም እና ል ብቻ ናቸው። «ሠላም» ብለው በንጉሡ ሠ ቢጽፉም ደግሞ ምንም አይባልም፤ የተማረውም ሰው ሁለቱን እያቀያየረ ይጽፋቸዋል። መጻፊያውን ማስረዳት ካስፈለገ ለዚያ የሚሆነው የስልክ ጥሪ ነው፦ «እማዬ፣ ለ ላይ ጣትሽን አቆዪው። ሰባቱ ይወጣሉ። ላን ንኪ።» ስልኩን ይዞ የሚያሳያቸው ጎረቤት ካለም በእሳቸው ጣት ያስነካ፤ ነጥቆ አይጻፍላቸው።

አጭር ጻፉ ሲባል ብዙ ሰው የቃላቱን ብዛት ይቀንሳል። አማርኛ ላይ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የእኛ ግስ ዓረፍተ ነገርን ሙሉ በአንድ ቃል ይሸከማልና። «አልደወልሽልኝም» አንድ ቃል ነው፤ ዘጠኝ ፊደል ግን አለው። ጀማሪ አንባቢ ፊደል በፊደል ስለሚሄድ «ኝም» ላይ ሲደርስ «አል» ከአእምሮው ወጥቷል። ያቺ «አል» ከጠፋች ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ አልደወልሽም የተባለው ደወልሽ ይሆናል። ስለዚህ ግሱን መፍታት ነው፦ «ትናንት ጠበቅሁ። ስልክ የለም። ደህና ነሽ?» ቃሉ በዛ፤ ንባቡ ግን ቀለለ። እንደ «ደርሷል» እና «በልቷል» ያሉትንም «ደረሰ»፣ «በላ» ማለት ይሻላል፤ ሷ እና ቷ ከሰባቱ ሆሄያት ውጪ ስለሆኑ ጀማሪው ብዙ ጊዜ አያውቃቸውም። ሰዓትና ብር ግን በቁጥር ይጻፉ። 3 እና 500 ከገበያና ከስልክ ቁጥር የተለመዱ ናቸው።

ሌላው የሚያሳስት ነገር አይታይም። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። ልጅቷ «የምመጣው ገና ነው» ብላ ብትጽፍ ለበዓሉ ትመጣለች ማለት ነው? ወይስ መምጫዋ ሩቅ ነው? ማንበብ የለመደ ሰው ከዙሪያው ይፈርዳል። ጀማሪው ግን መጀመሪያ በአፉ የመጣለትን ይዞ ይቀራል፤ እናት ደግሞ ደስ የሚላትን ትይዛለች። «ለገና በዓል እመጣለሁ» ወይም «ዘንድሮ አልመጣም» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ከባድ ነገር በጽሑፍ ብቻ ባይነገር፣ ተደውሎ ቢረጋገጥ እመርጣለሁ።

ጥያቄም እንዲሁ በጥንቃቄ ይጠየቅ። «አልታመምሽም አይደል?» ተብለው «አዎ» ብለው ቢመልሱ ታመዋል ወይስ አልታመሙም? «ጤና ነሽ?» ከተባለ ግን «አዎ» አንድ ትርጉም ብቻ አለው። በአንድ መልእክት አንድ ጥያቄ፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ። የዘገየ መልስ ላይ የጥያቄ ምልክት እየደረደሩ መላክ አንድ ፊደል በመፈለግ ላይ ያለን ሰው ያስደነግጣል። ብዙዎች ያኔ የጀመሩትን አጥፍተው ይተዉታል።

ቀላል ቃል ማለት የልጅ ቃል ማለት አይደለም። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ጻፊዋ እናት ሳይሆኑ አንቱ የሚባሉ ጎረቤት ወይም የባል እናት ቢሆኑ፣ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ይባላሉ እንጂ ለማቅለል ተብሎ «አንቺ» አይባሉም። ለንባብም ቢሆን «አደሩ» ከ«አደርሽ» አይረዝምም። «ጎበዝ!» የሚለው ምርቃትም ልጅ ላሳደጉ ሰው ሲላክ ይጎረብጣል፤ ለጻፉት ነገር መልስ ማግኘታቸው ይበልጣል።

መልሱ በድምፅ መልእክት ቢሆንስ? ይቀላል፤ አንዳንዴም ግድ ነው። ነገር ግን በጽሑፍ ለመጣ የመጀመሪያ ሰላምታ መጀመሪያ በጽሑፍ ብትመልስ ይሻላል፤ ረጅሙ ወሬ በድምፅ ይከተል። ተነቦ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። ትልቅ ሰው አፍሮ «ገባኝ» ይላል። ስትደውል «ምን ብዬ ጻፍኩልሽ?» ብላ ብትጠይቅ የቱ ቃል እንደከበዳቸው ወዲያው ይታወቃል። ጽሑፉ ደቅቆ እንደሆነም ያኔ ይጠየቃል፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ሉ እና ሊን የሚለያቸው አንዲት ጭረት ብቻ ናት። በስልኩ ማስተካከያ ፊደሉን ማተለቅ ይቻላል።

ከሰላምታው ወደ ወሬ የሚታለፈው እናትየው ራሳቸው አዲስ ነገር ሲያመጡ ነው። አንድ ቀን «ላም ወለደች» ብለው ቢልኩ ጥሩው መልስ «እሰይ! ወንድ ነው? ሴት ናት?» የሚል ነው። የሚያስፈልጋቸው ቃል ጥያቄው ውስጥ ተጽፎ ስለተቀመጠ፣ የጠፋቸውን ሆሄ ከዚያው እያዩ ይጽፉታል።