በ57 ብር የማይገኘው ዶላር

2016 ዓ.ም. ሊገባደድ ሲል አንድ ዶላር በባንኮች ሰሌዳ ላይ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ዋጋ የሚሸጥ ባንክ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። ኤልሲ ለመክፈት የሄደ አስመጪ ተመዝግቦ ወረፋ ይይዝ ነበር፤ ተራው እስኪደርስም ወራት ያልፉ ነበር። በጥቁር ገበያው ደግሞ ዶላር ከ110 ብር በላይ ይጠራ ነበር፤ ብሩን ይዞ ለመጣ ግን ወረፋ አልነበረበትም።

ይህን ልዩነት የፈጠረው የደላሎች ስግብግብነት ነው ሲባል እንሰማለን። ደላላ ትርፍ እንደሚወድ አይካድም፤ ነገር ግን ፈላጊ ከሌለ ደላላ ብቻውን ዋጋ እጥፍ ማድረግ አይችልም። ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ሲታሰር ዶላሩ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ዝርዝር ነው። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ይቀድሙ ነበር፤ ሌላው ይጠብቅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት 38 ዓይነት ሸቀጦች፣ ከነሱም የቤት መኪናና የአልኮል መጠጥ፣ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ሲከለክል በሩን ዘጋ እንጂ ፈላጊውን አላስቀረም። ከዝርዝሩ የወጣና ወረፋው ያሰለቸው ሁሉ ሌላ ሻጭ ይፈልግ ነበር።

ያ ሻጭ ዶላሩን ከየት ያመጣል? ያኔ ሪያድ የምትሠራ ልጅ ደሴ ላሉ እናቷ 300 ዶላር የሚያህል ገንዘብ ልትልክ ነው እንበል። በባንክ ብትልክ እናት በ57 ብር ሂሳብ 17,100 ብር ይደርሳቸዋል። በሐዋላ ብትልክ ደግሞ፣ ዶላሩ በ112 ብር ተመንዝሮ፣ 33,600 ብር። ልጅቱ ገንዘቡን እዚያው ሪያድ ላለ ሰው ትሰጣለች። መርካቶ ያለ የመለዋወጫ አስመጪ ብሩን በሐዋላው ሰው በኩል ለእናት ሒሳብ ያስገባል፤ የሐዋላው ሰው በምትኩ ዱባይ ላለው አቅራቢ የአስመጪውን ዕዳ ይከፍላል። ዶላሩ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ ሁሉም የፈለገውን አገኘ። ባዶ እጁን የቀረው ባንኩ ነው፤ ወረፋውም በዚያው ልክ ረዘመ። እጥረት የወለደው ልዩነት ተመልሶ እጥረቱን ያባብሳል ማለት ነው።

ላኪዎቹ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል፤ አውቀው በኪሳራ የሚሸጡ ነበሩ። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ ኩንታል ሰሊጥ በ10,500 ብር ገዝቶ ውጭ በ160 ዶላር ሸጠ እንበል። በይፋዊው ዋጋ 9,120 ብር ነው፤ 1,380 ብር ከሰረ። ከዶላሩ አብዛኛውን እንዲያስረክብ ቢገደድም 40ው ለራሱ ቀረ እንበል። በዚያች 40 ዶላር ጎማ ወይም ብረት አምጥቶ፣ ዋጋውን በጥቁር ገበያው ሂሳብ አድርጎ ሲሸጥ በእያንዳንዱ ዶላር 55 ብር፣ በጠቅላላው 2,200 ብር ያገኛል። ኪሳራው ሲቀነስ 820 ብር ተረፈው። ሰሊጡ ዶላር መግዣ ሆኗል፤ ሱቅ ገብቶ ጎማ የሚገዛው ሰው ደግሞ የባንኩ 57 ብር መኖሩንም አያውቅም ነበር። በሰሊጥ ብቻ የሚነግደው ላኪ ግን በዚህ የመግዣ ዋጋ ሊወዳደር ስለማይችል ከገበያው ይወጣ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዕለቱ ዶላር ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ የሁለቱ ገበያ ልዩነትም በጣም ጠበበ። ውጤቱ ጎልቶ የታየው በወርቅ ላይ ነው። በድንበር ሾልኮ ይወጣ ከነበረው ብዙው ወደ ብሔራዊ ባንክ መጣና በ2017 በጀት ዓመት የወርቅ ኤክስፖርት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ሆኖም ልዩነቱ አልጠፋም፤ ቆይቶም እንደገና ሰፋ። ባንኮች ዋጋ ማሻሻላቸው ብቻ ፈላጊውን ሁሉ አያስተናግድም፤ ባንክ በምንም ዋጋ የማይሸጥለት ፈላጊም አለና። ሀብቱን ወደ ውጭ ማሸሽ የሚፈልግ ሰው ባንክ ሄዶ አይጠይቅም። የኮንትሮባንድ ነጋዴም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሕጋዊ ፈቃድ ያለው አስመጪ ነው። የ100 ሺህ ዶላር ዕቃ እያስመጣ፣ የጉምሩክ ቀረጥ ለመቀነስ ሲል በደረሰኝ ላይ 60 ሺህ ብቻ ያስጽፋል። ባንክ የሚፈቅድለት በሰነዱ ልክ 60 ሺህ ነው። የቀረውን 40 ሺህ ለአቅራቢው የሚከፍለው በጥቁር ገበያ ገዝቶ ነው፤ ከቀረጥ የሚያተርፈው ከምንዛሪው ልዩነት እስከበለጠ ድረስ ደግሞ የባንኩን ሰሌዳ ቀና ብሎ የሚያይበት ምክንያት የለውም።