በሽያጭ ወይስ በትርፍ? የደቡብ አፍሪካ ትንሽ ነጋዴ የግብር ምርጫ

ጆሃንስበርግ ጄፒ ላይ ልብስ የሚሸጠውም፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሎኬሽን ውስጥ ዳቦ፣ ዘይትና ለስላሳ የሚሸጠውም ስለ ግብር ሲጠይቁ የሚሰሙት ምክር ተመሳሳይ ነው፦ «በሽያጭ የሚሰላውን ያዝ፤ ቢበዛ 3 በመቶ ነው፤ ደረሰኝም አያስለቅምህም።» ምክሩ ለልብስ ነጋዴው ትክክል ሊሆን ይችላል። ባለሱቁን ግን ምንም መክፈል ሳይኖርበት በዓመት ከ11 ሺህ ራንድ በላይ ሊያስከፍለው ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓመታዊ ሽያጩ ከተወሰነ ጣሪያ ያልበለጠ ነጋዴ ከሁለት መንገዶች አንዱን እንዲመርጥ ፈቅዳለች። አንዱ እንደማንኛውም ሰው ወጪን ከገቢ ቀንሶ በተረፈው ላይ መክፈል ነው። ሁለተኛው ወጪ የሚባል ነገር ሳይነሳ በገባው ገንዘብ ላይ ብቻ መክፈል ነው። ሁለተኛው በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ተርን ኦቨር ታክስ ሲባል ከኖረው የተለየ ነው። ያኛው ነጋዴው ከገዢ ሰብስቦ ለመንግሥት የሚያስገባው ነበር። ይኼኛው የነጋዴውን የገቢ ግብር ተክቶ ከራሱ ኪስ የሚወጣ ነው።

እዚህ የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ከማርች 1 ቀን 2025 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ 2026 ላለው የግብር ዓመት የሚሠሩ ናቸው። በሽያጭ ሲሰላ የመጀመሪያው 335,000 ራንድ ነፃ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 500,000 ድረስ ባለው ላይ 1 በመቶ፣ ከ500,000 እስከ 750,000 ባለው ላይ 2 በመቶ፣ ከ750,000 እስከ 1 ሚሊዮን ባለው ላይ 3 በመቶ ይከፈላል። ስለዚህ 500,000 የሸጠ 1,650 ራንድ፣ 750,000 የሸጠ 6,650፣ ሚሊዮኑን የሞላ 14,150 ይከፍላል። በትርፍ ሲሰላ ደግሞ እስከ 237,100 ራንድ ድረስ ባለው ትርፍ ላይ 18 በመቶ ይታሰብና ለእያንዳንዱ ግለሰብ ከሚሰጠው 17,235 ራንድ ቅናሽ ጋር ይቀናነሳል። ከ65 ዓመት በታች የሆነ ሰው በዓመት እስከ 95,750 ራንድ ቢያተርፍ ምንም ግብር የለበትም ማለት ነው።

ብዙው ሰው የሚዘነጋው ይህችን 95,750 ነው። 3 በመቶና 18 በመቶ ጎን ለጎን ሲቀመጡ 3ቱ ማነሱ አያከራክርም። ነገር ግን 18ቱ የሚጀምረው ከ95,750 በኋላ ነው፤ 3ቱ ደግሞ ከ750,000 በላይ ባለው የዳቦና የስኳር ሽያጭ ሁሉ ላይ፣ ሳንቲም የተረፈበትንም ያልተረፈበትንም ሳይለይ ያርፋል።

ሎኬሽን ያለውን ባለሱቅ እንውሰድ። በዓመት 900,000 ራንድ ይሸጣል እንበል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ በቀን ሲካፈል ግን ወደ 2,500 ራንድ ገደማ ነው። ለሸጠው ዕቃ 765,000 ከፍሏል፤ ከመቶ ራንድ ሽያጭ 15 ራንድ ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። ለቤቱ ባለቤት በዓመት 36,000 ኪራይ፣ ለመብራትና ለዕቃ ማመላለሻ 24,000 ያወጣል። የተጣራ ትርፉ 75,000 ራንድ ነው። በትርፍ ቢከፍል ከ95,750 በታች ስለሆነ ግብሩ ዜሮ ነው። በሽያጭ ቢከፍል 6,650 ሲደመር ከ750,000 በላይ ባለው 150,000 ላይ የሚታሰበው 3 በመቶ፣ ማለትም 4,500፣ በድምሩ 11,150 ራንድ ይወጣበታል። ከዓመት ሙሉ ድካሙ 15 በመቶ የሚሆነው በዚያ «ቀላል» በተባለው መንገድ ሄደ።

የጄፒው ልብስ ነጋዴ ተቃራኒው ነው። ሽያጩ 600,000 ራንድ ብቻ ነው፤ ልብሱን ግን በ330,000 ገዝቶታል። ለሱቁ 72,000፣ ለሌላው ወጪ 18,000 ከፍሎ 180,000 ራንድ ይቀረዋል። በትርፍ ቢሆን 32,400 ይታሰብና 17,235 ተቀንሶለት 15,165 ይከፍላል። በሽያጭ 3,650 ብቻ ነው። የእሱ ልዩነት 11,515 ራንድ ሲሆን፣ የሚያተርፈውም በሽያጭ ሲከፍል ነው።

ታዲያ ድንበሩ የት ላይ ነው? ስሌቱ ሁለት ደረጃ ብቻ አለው። በሽያጭ የሚመጣብህን ግብር ለ0.18 አካፍል፤ በውጤቱ ላይ 95,750 ጨምር። የሚወጣው ቁጥር ሁለቱ ግብሮች እኩል የሚሆኑበት ትርፍ ነው። ትርፍህ ከዚያ ካነሰ በትርፍ ክፈል፤ ከበለጠ በሽያጭ። ለባለሱቃችን 11,150 ለ0.18 ሲካፈል 61,944 ነው፤ 95,750 ሲጨመርበት 157,694 ይሆናል። ይህ ከ900,000 ሽያጩ 17.5 በመቶ ነው። ሚሊዮን ለሚሸጥ ድንበሩ 17.4 በመቶ፣ 600,000 ለሚሸጥ 19.3፣ 500,000 ለሚሸጥ 21 በመቶ ገደማ ነው። ሽያጩ በእጥፍ ሲያድግ ድንበሩ ብዙም አለመነቃነቁ ለማስታወስ ይመቻል፦ ከመቶ ራንድ ሽያጭ ሁሉም ወጪ ወጥቶ ከ17 ራንድ በታች የሚተርፈው ሰው፣ ሌላ ገቢ ከሌለውና ወጪውን ማስረዳት ከቻለ፣ በሽያጭ መክፈል አያዋጣውም።

«ሁሉም ወጪ ወጥቶ» የሚለው ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። ብዙ ነጋዴ ትርፌ ሲል የሚያስበው በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ኪራዩና ደመወዙ ገና አልወጡም። በሌላ በኩል ራሱ ከሳጥኑ አውጥቶ የበላበት፣ ወደ አገር ቤት የላከው፣ ለዕድር ያዋጣው ገንዘብ የንግዱ ወጪ አይደለም። ያ ትርፉን የተጠቀመበት መንገድ እንጂ ትርፉን የሚቀንስ ነገር አይደለም፤ ግብር አስገቢውም ከሂሳቡ አያወጣለትም።

ከዚህም የሚከብደው የደረሰኝ ጉዳይ ነው። በትርፍ መክፈል የመረጠ ሰው ያወጣውን በወረቀት ማሳየት፣ ወረቀቱንም 5 ዓመት ማስቀመጥ አለበት። ደረሰኝ ያልተገኘለትን ወጪ የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ ሳርስ ሊሰርዝበት ይችላል፤ በሽያጭ ለሚከፍል ግን የሚፈለገው መዝገብ በዋናነት የገባው ገንዘብና የትልልቅ ንብረትና ዕዳ ዝርዝር ነው። ባለሱቃችን ከ765,000 ራንድ ግዢው የ640,000ውን ደረሰኝ ብቻ አስቀምጦ የቀረውን «በእጅ በእጅ» ገዝቶት ከሆነ፣ በወረቀት ላይ ያለው ትርፉ 75,000 መሆኑ ቀርቶ 200,000 ይሆናል። ግብሩም 18,765 ራንድ ይደርሳል፤ በሽያጭ ከሚከፍለው 11,150 በላይ። እኩል የሚሆኑበትን ነጥብ ቀድመን አውቀነዋል፤ 157,694 ነው። ከዚያ ላይ እውነተኛ ትርፉን 75,000 ስንቀንስ 82,694 ይቀራል። በዓመቱ ከዚህ የሚበልጥ ግዢ ያለ ደረሰኝ የፈጸመ ከሆነ የሽያጩ መንገድ ይሻለዋል። በኔ እምነት ብዙ ሱቆች የሽያጩን ግብር የሚመርጡት ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ የደረሰኝ ልማድ ስለሌላቸው ነው። ደረሰኝ ሰጪ ጅምላ ሻጭ ጋር መሄድ ሁለት ሦስት ሳንቲም ቢያስጨምርም እንኳ፣ ልዩነቱን ከዚህ ሂሳብ ጋር አስተያይቶ መወሰን ይቻላል።

ድንበሩን ጨርሶ የሚለውጥ ሌላ ሁኔታም አለ። ሱቁን እያስነገደ ራሱ ደግሞ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ በዓመት 120,000 ራንድ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው 95,750ዋን በደመወዙ ጨርሷታል። ከሱቁ የሚያገኘው የመጀመሪያ ራንድ ራሱ 18 በመቶ ይቆረጥበታል። ሽያጩ 600,000 ከሆነ ድንበሩ 3,650 ለ0.18 ተካፍሎ 20,278 ራንድ ነው፤ ከሽያጩ 3.4 በመቶ ብቻ። ለእንዲህ ያለው ሰው ስስ ትርፍ ያለው ሱቅም ቢሆን በሽያጭ መክፈል ያዋጣዋል።

የክፉ ቀን ጉዳይም አለ። በጁላይ 2021 በክዋዙሉ ናታልና በጋውቴንግ በተነሳው ሁከት ብዙ ሱቅ ተዘርፏል። ዕቃው የተዘረፈበት፣ ወይም ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ሥጋና ወተት የጣለ ነጋዴ፣ በትርፍ የሚከፍል ከሆነ ኪሳራው ግብሩን ያጠፋለታል፤ የተረፈውን ኪሳራም ንግዱን እስከቀጠለ ድረስ ወደሚቀጥለው ዓመት ሊያሻግረው ይችላል። በሽያጭ የሚከፍል ግን ከስሮም ይከፍላል። በዱቤ ለሚሸጥ አንድ ማካካሻ አለ፦ የሽያጩ ግብር የሚታሰበው በእጅ በገባ ገንዘብ ላይ ስለሆነ፣ ተበዳሪው ይዞት የጠፋው ዕዳ ግብር አይከፈልበትም።

በኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆኑ ነጋዴዎችን ግብር ከሽያጫቸው ጋር አያይዞታል። የአገር ቤቱ መጣኔ የተለየ ስለሆነ ከላይ ያሉትን መቶኛዎች እዚያ መጠቀም አይቻልም፤ ሁለቱን ግብሮች ጎን ለጎን አስልቶ እኩል የሚሆኑበትን ትርፍ መፈለግ ግን በብርም በራንድም ያው ነው።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ስንመለስ፣ ምርጫው በፈለጉት ቀን የሚደረግ አይደለም። በሽያጭ ለመክፈል የሚፈልግ TT01 የተባለውን ቅጽ የግብር ዓመቱ ማርች 1 ቀን ከመጀመሩ በፊት ማስገባት አለበት፤ አዲስ ንግድ የከፈተ ደግሞ በጀመረ በሁለት ወር ውስጥ። ከተመዘገበ በኋላ በኦገስት መጨረሻና በፌብሩዋሪ መጨረሻ ቅድሚያ ክፍያ ይከፍላል። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ሽያጭና ደረሰኝ ደምሮ ስሌቱን መሥራት የሚገባው ፌብሩዋሪ ሳያልቅ ነው፤ ማርች ከገባ በኋላ ነባር ነጋዴ ወደ ሽያጩ መንገድ መግባት የሚችለው ከዓመት በኋላ ነው።