ራስ የጠሩትን ስብሰባ ማዛወር

ስብሰባ የጠራ ሰው ቀኑን ሲቀይር ተሰብሳቢው የሚታዘበው መቀየሩን ብቻ አይደለም። መቼ ሰማሁ? ከማን ሰማሁ? አዲሱ ቀን ቁርጥ ነው ወይስ እሱም ይለወጣል? የሚለውንም ያስባል። ስለዚህ ቀን የሚያዛውር ሰው ዋና ሥራው ይቅርታ ማብዛት ሳይሆን እነዚህን ጥያቄዎች ገና ሳይነሱ መመለስ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ ያለች የፕሮጀክት ኃላፊ ለሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት የበጀት ክለሳ ስብሰባ ጠርታለች እንበል። ተጠሪዎቹ ሥራ አስኪያጁ፣ በዚያው ሕንፃ ያለ የሒሳብ ባለሙያ፣ ከአዳማ የሚመጣ የሳይት ተቆጣጣሪና ከዋሽንግተን በዙም የሚገባ አማካሪ ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት ግን የወጪ ሰንጠረዡ ከአርብ በፊት እንደማይደርስ ትሰማለች።

መጀመሪያ የምታየው ስብሰባው የግድ መዛወር እንዳለበት ነው። ሰንጠረዡን የማይፈልጉ አጀንዳዎች ካሉ ሐሙስ በአጭሩ እነሱን ማየት ይቻላል። እዚህ ግን ዋናው ውሳኔ ያለ ሰንጠረዡ አይሆንም፤ ስለዚህ ይዛወራል። ይህን ካወቀች ደግሞ እስከ ረቡዕ ማታ «ምናልባት ይደርስ ይሆናል» እያለች መጠበቅ የለባትም። በእያንዳንዱ ሰዓት መዘግየት የሚከስረው ተሰብሳቢው ነው።

ቀጥሎ ስልክ ታነሳለች። በቅድሚያ የምትደውለው ብዙ ለሚያጣው፣ ማለትም ሐሙስ መኪና ይዞ ሊነሳ ላሰበው የአዳማው ባልደረባ ነው። ሌላ ጉዳይ ከጉዞው ጋር አጣምሮ ከሆነ የሚነግራት ያኔ ነው። ከዚያ በጸሐፊያቸው በኩል የሥራ አስኪያጁን ሰኞ ትጠይቃለች፤ እሳቸው ከሌሉ ውሳኔ ስለማይኖር ቀኑ የሚቆረጠው በእሳቸው ነው። ለሁሉም «መቼ ይመቻችኋል?» ብሎ መበተን ጨዋነት ይመስላል፤ ነገር ግን የራስን ሥራ ለሌሎች ማሸከም ነው። መልሱም አራት ዓይነት ሆኖ ይመጣል።

የዋሽንግተኑ ሰው ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ሐሙስ በእኛ 10 ሰዓት ለእሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። አሜሪካ ግን በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደኋላ ትመልሳለች፤ በ2018 ዓ.ም. እሑዱ ጥቅምት 23 ነው። ስለዚህ ሰኞ ጥቅምት 24 በዚያው 10 ሰዓት ብትጠራው ለእሱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል። «ሰዓቱ አልተቀየረም» ብላ ብትጽፍ ለእሱ ተቀይሮበታል። አስቀድማ ትጠይቀዋለች፣ እሺ ይላታል።

ቀኑ ሲቆረጥ ብቻ ለሁሉም አንድ መልእክት ትልካለች፦

«ሰላም ለሁላችሁ። ሐሙስ ጥቅምት 20 የጠራሁት የበጀት ክለሳ ስብሰባ ወደ ሰኞ ጥቅምት 24 (ኖቬምበር 3) ከቀኑ 10 ሰዓት ተዛውሯል፤ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው። ምክንያቱ የወጪ ሰንጠረዡ የሚደርሰው አርብ በመሆኑ ነው። ቦታውና የዙም ሊንኩ ያው ናቸው። ሰንጠረዡን አርብ ማታ እልክላችኋለሁ። ሰኞ የማይመቸው እስከ ነገ 6 ሰዓት ይንገረኝ። ፕሮግራማችሁን ስላዛባሁ ይቅርታ።»

ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እውነትም ነው። ይቅርታውም አንድ ጊዜ ነው። የሒሳብ ክፍሉን መውቀስ የለበትም፤ ስብሰባውን የጠራችው እሷ ናትና። ምክንያቱ ሲረዝም ሰበብ ይመስላል፤ ይቅርታው ሲደጋገም ደግሞ ተሰብሳቢውን «ችግር የለም» እያለ እንዲያጽናና ያስገድደዋል።

በኤሌክትሮኒክ ካላንደር የተላከ ጥሪ ካለ ያንኑ ከፍታ ቀኑን መቀየር ይበልጣል። አሮጌውን ሰርዛ አዲስ ብትልክ የስረዛው ማስታወቂያ ብቻ የደረሰው ሰው ስብሰባው ቀርቷል ብሎ ይተወዋል። የቴሌግራም ግሩፕ ላይም ሁለቱ የማረጋገጫ ምልክቶች ቢያንስ አንድ ሰው እንዳየው ያሳያሉ እንጂ ሁሉም እንዳነበቡት አያረጋግጡም። ስለዚህ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ያልመለሰ ሰው ካለ ትደውልለታለች።

አርብም ሰንጠረዡ ባይመጣስ? ያን ጊዜ ሦስተኛ ቀን መቁረጥ አይገባትም። ስብሰባውን ትሰርዛለች፤ ሰንጠረዡ እጇ ሲገባ ብቻ እንደምትጠራም ትናገራለች። ሰው አንዴ የተዛወረ ቀጠሮን ይረሳዋል፤ ሁለቴ ከተዛወረ ግን ለሚቀጥለው ጥሪ ቀኑን ባዶ አድርጎ አይጠብቅም።