ከማርያም መቀነት ሥር ያሉት ጥቁር መስመሮች

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ከጀርባችን ብቅ ስትል የማርያም መቀነት ከፊታችን ይዘረጋል። አብዛኞቻችን ከቀይ እስከ ወይን ጠጅ ያሉትን ቀለሞች ቆጥረን ፊታችንን እናዞራለን። ትንሽ ቆም ብሎ ያስተዋለ ግን ከወይን ጠጁ በታች፣ ከቅስቱ ውስጠኛ ጠርዝ ሥር፣ ሐምራዊና አረንጓዴ የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች ተደርድረው ሊያይ ይችላል። የውሃው ጠብታዎች ትንንሽና በመጠን ተቀራራቢ ሲሆኑ ይበልጥ ይጎላሉ። ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ጨረር ነው ብሎ የሚነሣ ስሌት እነዚህን መስመሮች ማስረዳት አይችልም። ይባስ ብሎ በቅስቱ ጠርዝ ላይ ብርሃኑ መጠን የለሽ ይሆናል የሚል የማይሆን ውጤት ያወጣል።

እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1804 መስመሮቹ የብርሃን ሞገዶች አንዴ ሲደጋገፉ፣ አንዴ ሲጠፋፉ የሚፈጠሩ መሆናቸውን አስረዳ። በቁጥር ያሰላው ግን በኋላ የመጣው የግሪንዊች የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ቢድል ኤሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ባቀረበው ጽሑፍ የብርሃኑን መጠን በኢንተግራል ገለጸው። ያ ኢንተግራል የሚታዘዝለት ሕግ በዛሬ አጻጻፍ ይህ አጭር ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ነው፦

y'' = x·y

x ከቅስቱ ጠርዝ ያለንን ርቀት ይለካል። ዜሮ ጠርዙ ራሱ ነው፤ ኔጌቲቩ ወገን ብርሃን ያለበት፣ ፖዘቲቩ ጨለማው ነው። y የሞገዱ ጉልበት ሲሆን የምናየው ድምቀት የእሱ ስኩዌር ነው። ስለዚህ y ዜሮ በሆነበት ቦታ ሁሉ ጥቁር መስመር እናያለን። y'' ደግሞ የግራፉን መጉበጥ ይነግረናል። ኢኩዌሽኑን በዚህ ዓይን ካነበብነው ብዙ ነገር ይገልጥልናል፦ x ኔጌቲቭ ሲሆን ግራፉ ሁልጊዜ ወደ ዜሮ መስመር ይጎብጣል፤ እየተመላለሰም ይወዛወዛል። x ፖዘቲቭ ሲሆን ግን ከዜሮ ይሸሻል።

መወዛወዙን በዚህ መልኩ ማወቅ ቀላል ነው። ጥቁሩ መስመር የት ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ ግን መፍትሔው ያስፈልጋል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሳይንን፣ ኮሳይንን፣ ኤክስፖኔንሻልንና የተለመዱትን ፖሊኖሚያሎች የፈለግነውን ያህል ብናቀላቅል ይህን ኢኩዌሽን የሚያረካ ቀመር አናገኝም። ስለዚህ መልሱን ከሚታወቁት ፈንክሽኖች መካከል መፈለጉን ትተን ራሳችን ከባዶ እንገነባዋለን። መፍትሔው ማለቂያ የሌለው የ x ርቢዎች ድምር ነው እንበል፦

y = a0 + a1·x + a2·x² + a3·x³ + a4·x⁴ + a5·x⁵ + …

የማናውቀው ከየርቢው ፊት ያሉትን ቁጥሮች፣ ማለትም a0፣ a1፣ a2 እና ተከታዮቻቸውን ነው። ሁለት ጊዜ ዴሪቬቲቭ ስንወስድ እያንዳንዱ ርቢ በሁለት ደረጃ ይወርዳል፦

y'' = 2·a2 + 6·a3·x + 12·a4·x² + 20·a5·x³ + …

በቀኝ በኩል ያለው x·y ደግሞ እያንዳንዱን ርቢ በአንድ ደረጃ ከፍ ያደርጋል፦

x·y = a0·x + a1·x² + a2·x³ + …

ሁለቱ ድምሮች በዜሮ ዙሪያ ባለ x ሁሉ እኩል የሚሆኑት የየርቢያቸው ቁጥር አንድ በአንድ ሲገጥም ብቻ ነው። በግራ x የሌለበት 2·a2 አለ፤ በቀኝ ግን አቻ የለውም፤ ስለዚህ a2 = 0 ነው። ከ x ፊት ያሉትን ስናስተያይ 6·a3 = a0፣ ከ x² ፊት 12·a4 = a1፣ ከ x³ ፊት 20·a5 = a2 ይወጣል። በዚህ ዓይነት እስከፈለግነው መቀጠል ይቻላል፤ አንዱን አጠቃላይ ሕግ ማውጣት ግን ይሻላል። ከ xⁿ ፊት በግራ በኩል የሚቆመው ማን ነው? በሁለት ደረጃ ወርዶ n የደረሰው ከ n+2 የተነሣው ነው። በቀኝስ? በአንድ ደረጃ ወጥቶ n የደረሰው ከ n−1 የተነሣው ነው። ስለዚህ፦

(n+2)(n+1)·a(n+2) = a(n−1),  n = 1, 2, 3, …

ሪከረንስ ሪሌሽን የሚባለው ይህ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከእሱ ሦስት ደረጃ ዝቅ ብሎ ካለው ይወለዳል። የ n = 0 ጉዳይ በቀኝ በኩል አቻ ስለሌለው ለብቻው ታይቶ a2 = 0 ሰጥቶናል።

በዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት የወሰዱ ብዙዎች የሚሰናከሉት ርቢዎቹን በማስተካከሉ ላይ ነው። የግራውን ድምር n(n−1)·aₙ፣ የቀኙን aₙ ብለው ከጻፉ በኋላ ርቢዎቹ የተለያዩ መሆናቸውን ሳያዩ እኩል ያደርጓቸዋል። n(n−1) = 1 የሚያደርግ ሙሉ ቁጥር ስለሌለ ቁጥሮቹ በሙሉ ዜሮ ይሆኑና መፍትሔው y = 0 ሆኖ ይቀራል። መሳሳታችንን የምናውቀውም በዚህ ነው፦ ሁለተኛ ደረጃ ኢኩዌሽን ሁለት ነፃ ቁጥሮች ሊተውልን ይገባል፤ አንድም ካልተረፈ የሆነ ቦታ ተሳስተናል።

የሚገርመው ያ የተሳሳተ ሕግ የሌላ ኢኩዌሽን ትክክለኛ ሕግ መሆኑ ነው። x²·y'' = y በሚለው ላይ ይህንኑ ዘዴ ብንሞክር፣ ምንም ስሕተት ሳንሠራ፣ የምናገኘው ያንኑ ዜሮ ነው። መፍትሔ አጥቶ ግን አይደለም፤ ከመፍትሔዎቹ አንዱ x በ1.618… ርቢ ነው። ሙሉ ቁጥር ያልሆነ ርቢ በእኛ ድምር ውስጥ ቦታ የለውም። ልዩነቱ ከየት መጣ? y'' ን ብቻውን በግራ ስናስቀምጥ የኤሪ ኢኩዌሽን በ x ያባዛል፤ ይሄኛው ግን በ x² ያካፍላል፤ ዜሮ ላይ ደግሞ ማካፈል አይቻልም። ኢኩዌሽኑ ለ y'' ሲፈታ ከ y እና ከ y' ፊት ያሉት ፈንክሽኖች በነጥቡ ዙሪያ ራሳቸው በርቢ ድምር መጻፍ የሚችሉ ከሆነ ነጥቡ መደበኛ ይባላል፤ ዘዴው ዋስትና ያለው እዚያ ብቻ ነው። ጀርመናዊው ላዛረስ ፉክስ እ.ኤ.አ. በ1866 እንዳሳየው፣ ድምሩ ቢያንስ እስከ ቅርቡ መደበኛ ያልሆነ ነጥብ ድረስ ይሠራል። የኤሪ ኢኩዌሽን እንዲህ ያለ ነጥብ በየትም የለበትም፤ ስለዚህ ድምሩ ለየትኛውም x ወደ አንድ ቁጥር ይጠጋል።

አሁን ሕጉን እናሠራው። a2 ዜሮ ስለሆነ a5፣ a8፣ a11 ሁሉም ዜሮ ናቸው። ከ a0 የሚነሣው አንድ መስመር፣ ከ a1 የሚነሣው ሌላ መስመር ይሰጠናል፦

y1 = 1 + x³/6 + x⁶/180 + x⁹/12960 + …
y2 = x + x⁴/12 + x⁷/504 + x¹⁰/45360 + …

180 የመጣው ከ 6 × 30፣ 12960 ደግሞ ከ 180 × 72 ነው። ሪከረንሱ a0 እና a1 ስንት እንደሆኑ አይነግረንም፤ ያን የሚወስነው ፊዚክሱ ነው። በጨለማው ወገን ብርሃኑ መጥፋት አለበት፤ y1 እና y2 ግን ለየብቻቸው እዚያ ያለ ልክ ያድጋሉ። እድገታቸው እርስ በርሱ የሚጣፋበት ቅልቅል አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ዛሬ የኤሪ ፈንክሽን የሚባለው፦

Ai(x) = 0.355028·y1 − 0.258819·y2

የመጀመሪያውን ጥቁር መስመር በዚህ እንፈልገው። x = −2.338 ስናስገባ x³ ወደ −12.780 ይጠጋል። የ y1 ክፍሎች 1፣ −2.1300፣ 0.9074፣ −0.1611፣ 0.0156፣ −0.0009 እያሉ በፍጥነት ያንሳሉ፤ ድምራቸው −0.3690 ነው። y2 በዚሁ መንገድ −0.5065 ይሆናል። በየራሳቸው ቁጥር ስናባዛቸው −0.1310 ሲደመር 0.1311፤ ከዜሮ የሚለየው በአሥር ሺሕኛ ቤት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጥቁር መስመር እዚህ አለ። ጠርዙ ላይ፣ x = 0 ሲሆን፣ የምናገኘው 0.355 ብቻ ነው፤ የጨረሩ ስሌት መጠን የለሽ ያለው ድምቀት በዚህ ተገራ። ከፍተኛው ድምቀትም ጠርዙ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ውስጥ፣ x = −1 አካባቢ ነው።

እስካሁን ሁሉም ያማረ ይመስላል። ድምሩ ለየትኛውም x ይሠራል ማለት ግን ለየትኛውም x ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ መማሪያ መጻሕፍት ይህን ቢያጎሉት ደስ ይለኝ ነበር። x = −10 ን እንሞክር። የ y1 ክፍሎች 1፣ −166.7፣ 5555.6፣ −77160 እያሉ ያብጣሉ፤ የ x³⁰ ክፍል ብቻውን ከ64 ሚሊዮን በላይ ነው። የምንፈልገው Ai(−10) ግን 0.04 ገደማ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቁጥሮች ተጣፍተው ያን ትንሽ ትርፍ እንዲተዉ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከነጥብ በፊትም በኋላም እጅግ በብዙ አኃዝ መያዝ አለበት። ስምንት አኃዝ ብቻ የሚይዝ ካልኩሌተር የሚያወጣው ቁጥር ትርጉም የለውም። ይህ መከሰቱን ለማወቅ ትልቁን ክፍል ከመጨረሻው ድምር ጋር ማስተያየት በቂ ነው፤ የሁለቱ ጥምርታ ስንት አኃዝ እንደከሰርን ይነግረናል።

ኤሪም የገጠመው ይኸው ግንብ ነበር። ከኦገስተስ ደ ሞርጋን ባገኘው የርቢ ድምር ሠንጠረዡን በራሱ መለኪያ እስከ 5.6 አደረሰው፤ ይህም ሁለት ጥቁር መስመሮችን ብቻ ይሸፍናል። ዊልያም ሚለር ደግሞ በውሃ ላይ ባደረገው ሙከራ ሠላሳ ጥቁር መስመሮችን ለክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850 ጆርጅ ስቶክስ ከዜሮ ይልቅ ከሩቅ የሚነሣ ሌላ ዓይነት ድምር አወጣ። እሱ ለማንኛውም x ቢሆን እስከ መጨረሻው ከተደመረ የትም የማይደርስ ድምር ነው፤ x ትልቅ ሲሆን ግን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍሎች ብቻቸውን ያስደንቃል በሚባል ልክ ይቀርባሉ። ስቶክስ በእሱ የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ጥቁር መስመሮች ቦታ አሰላ።